ጫማ ሰፊውና ደጉ ሳምራዊ፦ የሻርትር መስኮቶች ለማን ይናገሩ ነበር?

በፈረንሳይ ሻርትር ካቴድራል፣ በደቡቡ ግድግዳ ከሚገኙት ባለቀለም መስኮቶች በአንዱ ግርጌ፣ ጫማ ሰፊዎች ሥራቸው ላይ ተጎንብሰው ይታያሉ። ስምንት መቶ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ከሥራቸው ግን ገና ቀና አላሉም። በአጠገባቸው ባልንጀሮቻቸው መስኮቱን ራሱን በእጃቸው ይዘው ለቤተ ክርስቲያን ያቀርባሉ። ታሪኩ ከእነሱ በላይ ይጀምራል፦ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀው መንገደኛ፣ አይተውት ያለፉት ካህንና ሌዋዊ፣ ቁስሉን ያሰረለት ደጉ ሳምራዊ።

ስለ ጎቲክ ካቴድራሎች ሲወራ ተደጋግማ የምትነሳ አንዲት አባባል አለች። እነዚህ መስኮቶች ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ መጽሐፍ ቅዱስ ነበሩ ትላለች። አስጎብኚውም፣ የትምህርት ቤት መጽሐፉም፣ ፖስትካርዱም ይደግማታል። ደስ የምትል አባባል ናት፤ ግማሿም እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ያን ጫማ ሰፊ ከመስኮቱ ሥር አቁሞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ምን ያህሉን ሊረዳ ይችል እንደነበር መጠየቅን ይፈልጋል።

ሐሳቡ ከካቴድራሎቹ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ600 አካባቢ የማርሴ ከተማ ጳጳስ ሴሬኑስ፣ ምእመናኑ ለሥዕል ሲሰግዱ አይቶ ሥዕሎቹን ሰባበራቸው። የሮማው ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ይህን ሲሰማ በደብዳቤ ገሠጸው። ለሥዕል አለመስገድ መልካም፣ ሥዕል መስበር ግን ስሕተት ነው፤ መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው የሚሰጠውን ሥዕል ለማያነብ ሰው ይሰጠዋል አለው። ከዚያ በኋላ በምዕራቡ ዓለም ለሥዕል ጥብቅና የቆመ ሁሉ የጎርጎርዮስን ቃል ጠቀሰ። ጎርጎርዮስ ግን ሌላም ነገር አዞ ነበር፦ ሕዝቡን ሰብስበህ ከመጻሕፍት እየጠቀስክ አስረዳቸው። ጠቃሾቹ ይህችን ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ይዘሏታል።

ከመስኮቱ በፊት ግድግዳው ነበር። ከጎቲክ በፊት የነበሩት የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት የድንጋይ ጣሪያ ሲደረግላቸው፣ ጣሪያው ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱም ጠባብ መሆን ነበረበት። ግድግዳን ሰፊ አድርጎ መቅደድ ሕንፃውን ማዳከም ነው። ጎቲክ ግንበኞች መፍትሔውን ያገኙት ሦስት ነገሮችን በማጣመር ነው። ሹል ቅስት ከክብ ቅስት ይልቅ ክብደቱን ወደ ታች ያወርዳል፤ ወደ ጎን የሚገፋው ጉልበት ያነሰ ነው። በጣሪያው ሥር እንደ ጎድን አጥንት የሚያልፉት የድንጋይ ዘንጎች ሸክሙን ሰብስበው ጥቂት ምሰሶዎች ላይ ያሳርፉታል። የቀረውን ግፊት ደግሞ ከሕንፃው ውጭ፣ በአየር ላይ እንደ ክንድ የተዘረጉት ደጋፊ ቅስቶች ይቀበሉታል። ይህ ሁሉ ሲሆን በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለው ግድግዳ ሥራ ፈት ይሆናል። ሥራ የፈታን ግድግዳ አንስቶ በቦታው መስተዋት መትከል ይቻላል።

ሻርትር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የቀድሞው ካቴድራል በሰኔ 1194 በእሳት ወደመ። ከተረፉት መካከል የምዕራቡ ፊት ከሦስት ነባር መስኮቶቹ ጋር፣ እንዲሁም ከተማዋ የእመቤታችን ቀሚስ ነው ብላ የምታከብረው ጨርቅ ይገኙበታል። ሕዝቡ ጨርቁ መትረፉን እመቤታችን የበለጠ ቤት እንደ ፈለገች ምልክት አድርጎ ወሰደው። በሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ውስጥ የአዲሱ ሕንፃ አብዛኛው አካል ቆመ፤ በ1260 በንጉሥ ሉዊ ዘጠነኛ ፊት ተባረከ። ጣሪያው ከወለሉ 37 ሜትር ገደማ ይርቃል፤ የዛሬ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ያህል ማለት ነው። መስኮቶቹ 176 ሲሆኑ የመስተዋቱ ስፋት ሲደመር 2,600 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ቁመት ግን አደገኛ ፍቅር ነው። አሚየን 42 ሜትር ሲደርስ ቦቬ በ48 ሜትር በለጠው። የቦቬ መዘምራን የሚቆሙበት ክፍል በ1272 ተጠናቀቀ፤ በ1284 ከጣሪያው ከፊሉ ተደረመሰ። ጠግነውት እንኳን አልተማሩም፤ በኋላ 153 ሜትር የሚደርስ ማማ ጫኑበት፣ እሱም በ1573 ወደቀ። ዛሬም ቦቬ ግማሽ ካቴድራል ነው፤ ዋናው የሕዝብ መቆሚያ አዳራሽ ሳይሠራ ቀርቷል።

ቁመቱ ታሪክ ያስተምር ነበር ወይ ለሚለው፣ የሻርትር ሠሪዎች ራሳቸው በሥራቸው መልስ ሰጥተዋል። ብዙ ትንንሽ ትዕይንት ያለባቸውን የታሪክ መስኮቶች ያስገቧቸው ከታች፣ ለዓይን በሚቀርበው ረድፍ ነው። ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ባለው ረድፍ ያስቀመጡት በአብዛኛው ግዙፍና ነጠላ ምስሎችን ነው፦ አንድ ነቢይ፣ አንድ ሐዋርያ፣ አንዲት ቅድስት። ከሠላሳ ሜትር ርቀት ሴራ ያለው ታሪክ እንደማይነበብ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለከፍታ የሚሆነው አንድ እይታ የሚበቃው ሐሳብ ነው። በደቡቡ ክንፍ ካለው ክብ መስኮት ሥር ለዚህ ድንቅ ምሳሌ አለ። አራቱ ወንጌላውያን በአራቱ ዐበይት ነቢያት ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል፤ ማቴዎስ በኢሳይያስ፣ ሉቃስ በኤርምያስ፣ ዮሐንስ በሕዝቅኤል፣ ማርቆስ በዳንኤል ትከሻ ላይ። ትልልቅ ሽማግሌዎች ትንንሽ ሰዎችን እሽኮኮ ተሸክመው ያየ ሰው፣ ስማቸውን ባያውቅ እንኳ፣ እነዚህ በእነዚያ ላይ እንደቆሙ ይገባዋል።

ብርሃኑስ? እዚህ ላይ መስተዋቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቴዎፍሎስ በሚል ስም የጻፈ መነኩሴ ሙያውን ደረጃ በደረጃ ትቶልናል። አሸዋና የእንጨት አመድ በእሳት ይቀልጣሉ። ኮባልት ሰማያዊ፣ መዳብ ቀይ፣ ማንጋኒዝ ወይን ጠጅ ቀለም ይሰጣል። ቀዩ መስተዋት ድፍን ሆኖ ከተሠራ ጥቁር እስኪመስል ስለሚጨልም፣ ስስ ቀይ ሽፋን በነጭ መስተዋት ላይ ይለበጣል። ሥዕሉ መጀመሪያ በኖራ በተቀባ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይነደፋል። መስተዋቱ በንድፉ ላይ ተጋድሞ በጋለ ብረት ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም በብረት መንጠቆ እየተነከሰ ይስተካከላል። ፊት፣ ጣትና የልብስ እጥፋት የሚሣሉት ከብረት ወይም ከመዳብ ብናኝና ከተፈጨ መስተዋት በተበጠበጠ ጥቁር ቀለም ነው፤ ቀለሙም ምድጃ ገብቶ ከመስተዋቱ ጋር ይዋሐዳል። በመጨረሻ ቁርጥራጮቹ በቀጫጭን የእርሳስ ዘንጎች ተያይዘው መገጣጠሚያቸው በቆርቆሮ ይበየዳል።

ከሩቅ ለሚያይ ሰው ትልቁን ሥራ የሚሠራው እርሳሱ ነው። ብርሃን ከኋላ ሲመጣ ሰማያዊው ከድንበሩ ይፈስሳል፤ ጎረቤቱን ይውጣል። ወፍራሙ የእርሳስ መስመር ባይኖር የሰውየው ክንድ ከሰማዩ ጋር ይቀላቀል ነበር። ስለዚህ ጎበዝ ባለሙያ እርሳሱን በምስሉ ቅርጽ ዙሪያ ያስኬደዋል፤ ፊት መሐል እንዳያልፍ ይጠነቀቃል። ያረጀ መስኮት ሲሰበርና በግድየለሽነት ሲጠገን መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ ነው፦ ተጨማሪ የእርሳስ መስመር ፊት ላይ ይገባል፣ ምስሉም ከወለል ሲታይ የተዘበራረቀ መረብ ይመስላል።

ከፀሐይ ወደ ሻርትር የገባ ሰው ለጥቂት ደቂቃ ምንም አያይም ነበር። ቤቱ ጨለማ ነበር፤ ብዙ ሰው እንደሚጠብቀው በብርሃን የተጥለቀለቀ አልነበረም። ዓይን ጨለማውን ሲለምድ መስኮቶቹ ብቻቸውን ይበሩ ነበር። ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረ ዓይን ወደዚያ ይሄድ ነበር። በዚያ ዘመን ማታ ከምድጃና ከጧፍ በቀር ብርሃን ለማያውቅ ሰው ይህ ምን እንደነበር መገመት ይከብዳል። ቁመቱ ያስቆመዋል፣ ጨለማው ዓይኑን ይይዝለታል፣ ቀለሙ አይለቀውም። ይህ ሁሉ ለትምህርት መዘጋጀት እንጂ ትምህርቱ ራሱ አይደለም።

ወደ ጫማ ሰፊዎቹ መስኮት እንመለስ። ንባቡ ከታች ወደ ላይ ነው። ክርስቶስ ከሕግ ዐዋቂዎቹ ጋር ይነጋገራል። መንገደኛው ከከተማ ይወጣል። ወንበዴዎች አድፍጠዋል፤ ከዚያ ይገፉታል፣ ይመቱታል። ካህኑና ሌዋዊው ያልፋሉ። ሳምራዊው ቁስሉን ያስራል፣ በፈረሱ ይጭነዋል፣ ወደ እንግዳ ማደሪያው ያደርሰዋል። እስከዚህ ድረስ መሃይሙ ሰው ብዙ አይቸገርም። ወንጌሉን በስብከት ሰምቶታል፤ ሠሪውም ረድቶታል። በር ማለት ከተማ ነው፣ አንድ ዛፍ ማለት ዱር ነው፤ የክርስቶስ አክሊለ ብርሃን ውስጡ መስቀል ስላለበት ከሌሎቹ ይለያል። እጆች ከልክ በላይ ትልቅ ሆነው ይሣላሉ፤ ከሩቅ የሚናገሩት እነሱ ናቸውና። የሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ዘዴ አያጣም፦ ጻድቁን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎኑ ይሥለዋል። ጎራቸውን ለመለየት ንባብ አያስፈልግም።

ታዲያ ቁስለኛው ማደሪያው ደርሶ ታሪኩ አለቀ ሲባል፣ በሚቀጥለው ሥዕል እግዚአብሔር አዳምን ይፈጥራል። ሔዋን ትፈጠራለች፣ ዕፀ በለስ ይበላል፣ መልአክ ከገነት ያስወጣቸዋል። አዳም ይቆፍራል፣ ሔዋን ትፈትላለች፣ ቃየል አቤልን ይገድላል። ከሁሉ በላይ ክርስቶስ በዙፋኑ ተቀምጧል።

ይህ ምን አመጣው? የመስኮቱ ግማሽ ያህሉ በዚህ የተያዘ ነው፤ በሥዕሉ ላይ ግን ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኝ አንድም ነገር የለም። ማገናኛው ያለው በትርጓሜ ውስጥ ነው። ከኦሪጀንና ከአውግስጢኖስ ጀምሮ መምህራን ሲያስተምሩ መንገደኛው አዳም ነው፣ ኢየሩሳሌም ገነት ናት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም ነው፤ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ ካህኑና ሌዋዊው ሕገ ኦሪት፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ማደሪያዋ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ። የወንጌል አንድምታ ለሰማ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ምናልባትም ዛሬ ሻርትርን ከሚጎበኘው ፈረንሳዊ ወጣት ይልቅ ከጎንደር የመጣ የአብነት ተማሪ ያን መስኮት ፈጥኖ ይፈታዋል። መንገደኛው ገነትን ትቶ የወረደው አዳም ከሆነ፣ የላይኛው ግማሽ የታችኛው ግማሽ ፍቺ ነው። ያን ፍቺ ግን አንድ ሰው በቃሉ ካልነገረ በቀር ዓይን ብቻውን አያገኘውም።

ሌላ ማስረጃ ለሚፈልግ ደግሞ ቡርዥ ካቴድራል አለ። እዚያ ያው ሳምራዊ በመስኮት ተሠርቷል፤ ንባቡ ግን ከላይ ወደ ታች ነው። አንድ ተሳላሚ በሻርትር የለመደውን ይዞ ቡርዥ ቢገባ፣ ቁስለኛው ማደሪያው ገብቶ ሲያበቃ በወንበዴ ሲደበደብ ያየዋል። በመስኮቶች ላይ አልፎ አልፎ የተጻፉት ስሞችና ጥቅሶችም ላቲን ናቸው፤ የመንደሩ ሰው ቋንቋ ላቲን አይደለም። በሀገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ያለው የግእዝ ጽሑፍ ለገበሬው እንደሚሆነው ማለት ነው።

ይህን ግራ መጋባት ሳቅ ያደረገው አንድ የአሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝኛ ግጥም ነው። የቤሪን ተረት በሚባለው ሥራ መግቢያ ላይ ወፍጮ ጠባቂውና ጓደኛው ካንተርበሪ ካቴድራል ገብተው መስኮቱን አንጋጠው ያያሉ፤ አንዱ ምስል የያዘው በትር ነው ወይስ የሣር መቧጠጫ እያሉ ይከራከራሉ። በመጨረሻ ተዉት፣ ወደ መጣችሁበት ጉዳይ ሂዱ ይባላሉ። ደራሲው እየቀለደ ነው፤ ቀልዱ ግን አንባቢው የሚያውቀው ነገር ካልሆነ አያስቅም።

ጎቲክ የተጀመረበትን የሳን ዴኒን ገዳም ያሳደሰው አበምኔት ሱዤም መሃይማንን ቀዳሚ ተመልካች አላደረገም። አዲሱ የመሠዊያ ክፍል በ1144 ሲባረክ ብርሃን ነፍስን ወደማይታየው ብርሃን ያነሣል ብሎ ያምን ነበር። በዋናው መሠዊያ ላይ ስላሠራቸው የወርቅ ምስሎች ግን የተማረ ሰው ብቻ እንደሚረዳቸው ራሱ ጽፏል፤ ስለዚህም የላቲን ግጥም አስቀረጸባቸው። በፓሪስ ያለችው ሴንት ሻፔል ደግሞ በ1248 የተባረከች የንጉሥ ጸሎት ቤት ናት። አሥራ አምስት ሜትር በሚደርሱ መስኮቶቿ ላይ ከ1,100 የሚበልጡ ትዕይንቶች አሉ፤ የላይኞቹን ከወለል ሆኖ ማንም አይለያቸውም። ድሃውም እንዳሻው የሚገባባት ቤት አልነበረችም። የድሃ መጽሐፍ የሚለው ስም ለእሷ ከቶ አይሆንም።

የጫማ ሰፊዎቹ ምስልስ? በሻርትር ከአርባ በሚበልጡ መስኮቶች ላይ ዳቦ ጋጋሪ፣ አናጢ፣ ቆዳ ነጋዴ፣ ገንዘብ መንዛሪ ሥራውን ሲሠራ ይታያል። ድሮ ይህ የሙያ ማኅበራት ለመስኮቱ እንደከፈሉ የማያሻማ ማስረጃ ተደርጎ ይወሰድ ነበር። በ1993 መጽሐፍ ያሳተመችው የታሪክ ተመራማሪ ጄን ዌልች ዊልያምስ ግን ተጠራጠረች። በ1210 የከተማው ሰው ተነሥቶ የካህናቱን አለቃ ቤት አጥቅቷል፤ በካህናቱና በሠራተኛው መካከል የነበረው ግንኙነት መስኮቶቹ እንደሚያሳዩት ፍቅር ብቻ አልነበረም። ምናልባት ምስሎቹ ካህናቱ ምእመናኑ እንዲሆኑላቸው የተመኙትን ያሳያሉ፦ ሠራተኛ፣ ሰጪ፣ ታዛዥ። ክርክሩ አልተዘጋም። ግን ያሠራው ማንም ይሁን ማን፣ የትምህርት ብልሃቱ ግልጽ ነው። ለዓይን በቀረበው ቦታ ተመልካቹ ከቤቱ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደማያውቀው ይወጣል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ጥያቄ መመርመር ከፈረንሳይ ይልቅ ይቀላል፤ ልማዱ ገና በሕይወት አለና። በዘጌ እንደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባሉ ክብ አብያተ ክርስቲያናት መሐሉ ላይ አራት ማዕዘን መቅደስ ይቆማል፤ ሥዕሉ በሸራ ተሠርቶ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ብርሃን የሚገባው በበር ነው፤ መጋረጃም ሥዕሉን ይሸፍናል። መጋረጃውን ገልጦ ይህ እንዲህ ነው፣ ይህ እንዲያ ነው የሚለው ካህን ነው። ሥዕሉ የሚናገረው ሰው ሲያናግረው ነው። ሻርትር ላይ በወለሉ የጎደለን ያ ካህን ነው፤ ስብከቱ አልፎ መስተዋቱ ብቻ ስለቀረ መስተዋቱ ብቻውን ያስተምር የነበረ ይመስለናል።

በመስተዋት ረገድ ቅርባችን ያለው ትልቁ ሥራ አዲስ አበባ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ1961 ሲመረቅ አፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ሦስት ክፍል መስኮት ሠርቶ አስረክቧል፤ የአህጉሩን ያለፈ፣ የያኔና የወደፊት ዘመን ያሳያል። ከሁለት ዓመት በኋላ መሪዎቹ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚያው ሕንፃ ነው። ተመልካቾቹ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ሆኖም በመስኮቱ ላይ ያለው ዘንዶ ምንድን ነው፣ ችቦ ያዢው ማን ነው ለማለት ዛሬም አስረጂ ያስፈልጋል።

ተራኪው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ከድሬዳዋ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በአካባቢው ተራራማ ገደሎች በሚገኘው ለገ ኦዳ የድንጋይ ዋሻ ግድግዳ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ። የአካባቢው ከብት አርቢ ሥዕሉን ባየበት ቅጽበት ቀንዱን፣ ጀርባውን፣ በጎቹን ይለያል፤ የሻርትሩ ጫማ ሰፊ ቆዳውንና ወስፌውን እንደሚለየው። ሰዎቹ ከከብቶቹ መካከል ቆመው ምን እያደረጉ እንደሆነ፣ የማን ሠርግ ወይም የማን ጦርነት እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም።

ሻርትር ግን ሥዕሉንም ተራኪውንም በማግኘቷ ዕድለኛ ናት። መስኮቶቿ በ1939 ጦርነት ሲያንዣብብ አንድ በአንድ ተነቅለው ተሸሸጉ፤ ከጦርነቱ በኋላም ተመለሱ። እንግሊዛዊው ማልኮም ሚለር ደግሞ ከ1958 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት በወለሉ ላይ ቆሞ ለጎብኚዎች ሲያነብላቸው ኖረ። ከፊቱ የተሰበሰቡት መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ተማሪዎች ነበሩ፤ ሁሉም ማንበብ ይችሉ ነበር። በአንድ ጉብኝት ሁለት ወይም ሦስት መስኮት ቢያሳይ ነበር። የቀረውን ነገ ለሚመለሱ ያቆየው ነበር።